«ይነሳሉ» ሲል ማን ነው የሚነሳው? የባለ አንድ ገቢር ተውኔታችን የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ቅዳሜ

ጽሑፉ አልቋል ብዬ ነበር። 19 ገጽ፣ ባለ አንድ ገቢር፣ አራት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል። ጊዜው አንድ የከሰዓት ቡና ነው። አስካለ ባሏ የሞተባት የቤቱ ባለቤት ናት። ልጇ ዮናስ ቤቱን እንድትሸጥ ውል ይዞ መጥቷል። ማርታ ተከራይ ናት። ጋሽ ታፈሰ የሟቹ ጓደኛና ጎረቤት ነው። አቦል ላይ ውሉ ከኪስ ይወጣል፣ ቶና ላይ ጠቡ ይፈነዳል፣ በረካው ሳይጠጣ መብራት ይጠፋል።

ዛሬ በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ክብ ሠርተን አነበብነው። ቃለ ተውኔቱን ተዋንያኑ ያነባሉ፣ በቅንፍ ያለውን የመድረክ መግለጫ እኔ። 41 ደቂቃ ፈጀ። ዕቅዴ 30 ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርስ የራሴ ድምፅ ሰለቸኝ። ከሁሉም በላይ ብዙ የተናገርኩት እኔ ነኝ!

ማታ ቤት ገብቼ ቅንፎቹን ቆጠርኩ። 212 ናቸው። በሦስት ቀለም ለየኋቸው። 96ቱ ስሜት ናቸው፦ «በንዴት»፣ «በሐዘን ስሜት ተውጣ»። 74ቱ እግር ናቸው፦ «ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዶ»። የቀሩት 42 ብቻ ድርጊት ናቸው፤ ማለትም ካልተደረጉ ታሪኩ የሚሰበር ነገሮች። ወረቀቱ ከኪስ መውጣቱ፣ ሲኒው መሰበሩ፣ በሩ መቆለፉ።

ወጪ፦ 19 ገጽ ለ6 ሰው ፎቶ ኮፒ፣ ገጹ በ3 ብር፣ 342 ብር። ሳልቀንስ ማባዛቴ ኪሴን ጎዳው።

ሳምንት 1፣ እሑድ

ስሜቶቹን መሰረዝ ጀመርኩ። ቀላል ይመስል ነበር። ገጽ 6 ላይ እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦

ዮናስ፦ (በንዴት፣ ግን ሐዘኑን ለመደበቅ እየሞከረ፣ የልጅነት ዘመኑን እያስታወሰ) እማዬ፣ ፈርሚ።

ዮናስን የሚጫወተው ልጅ ትናንት አንብቦት ቀና አለና «እሺ፣ እጄን ምን ላድርገው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ንዴት፣ ሐዘንና ትዝታ በሁለት ቃል ውስጥ እንዲያሳይ ጠይቄዋለሁ፤ እጁ ግን ባዶ ነው። የልጅነት ዘመኑን ማስታወሱን ተመልካች በምን ያውቃል? አሁን እንዲህ ሆኗል፦

(ዮናስ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋል። አስካለ እጇን አትሰጥም። ረከቦቱ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል።)
ዮናስ፦ እማዬ፣ ፈርሚ።

ንዴቱን ልጁ ራሱ ያመጣዋል፤ የተዘረጋ እጅ ባዶውን ሲቀር ማንም ይናደዳል። ሌላም ጥቅም አለው። ወረቀቱ ረከቦቱ ላይ ስለተቀመጠ ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ሲኒ ሥር ሊረጥብ ነው። ይህ ገጽ 11 ላይ ያገለግለኛል።

ከ96ቱ 9 ቀሩ። የተውኳቸው ቃሉ ራሱ ተቃራኒ ሲናገር ብቻ ነው። ለምሳሌ ማርታ «እንኳን ደስ ያለህ» ስትል እየቀለደች መሆኑን ካልጻፍኩ ማንም አያውቅም።

ሳምንት 2፣ ረቡዕ ማታ

የመጀመሪያው የቁም ጥናት። ወለሉ ላይ በጠመኔ የመድረኩን ልክ ሠራን፦ 6 ሜትር ወርድ፣ 4 ሜትር ጥልቀት። የጓዳው በር በአንድ በኩል፣ የግቢው በር በሌላው፣ መስኮት ከኋላ።

ጉድ የፈላው ከመጀመሪያው መስመር ነው። «ዮናስ ከግራ ይገባል» ይላል። ዮናስ ከአንዱ ገባ፣ ማርታ ደግሞ እሱን ልትቀበል ወደ ሌላው ሄደች። የማን ግራ? እኔ ስጽፍ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ ተመልካች አየዋለሁ። ቴአትር ቤት ግን ቀኝና ግራ የሚባለው ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞረ ተዋናይ ቀኝና ግራ ነው። ይህን ነገርኳቸው። ገባን አሉ። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ እኔው ራሴ ከታች ሆኜ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» ብዬ ስጮኽ የራሴን ቀኝ ነበር የምለው።

«ላይ» እና «ታች» ደግሞ ባሰ። ከውጭ መጻሕፍት የቀዳሁት አነጋገር ነው። ድሮ መድረክ ወደ ሕዝቡ እያዘቀዘቀ ይሠራ ስለነበር ወደ ኋላ መሄድ በእርግጥም ወደ ላይ መውጣት ነበር። የእኛ መድረክ ግን ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ነው። አስካለን «ወደ ላይ ሂጂ» ስላት ጣሪያውን አየችው። ፈረደባት።

ሳምንት 2፣ ቅዳሜ

መፍትሔው ከጋሽ ታፈሰ መጣ። ገጸ ባሕሪውን የሚጫወቱት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ቤት ውስጥ ማን ነው ቀኝና ግራ የሚለው? ሚስቴ ጓዳ በኩል ነው የምትለኝ» አሉ።

ቀኝና ግራን ከእንቅስቃሴ ማስታወሻው አወጣሁ። አሁን አራት አቅጣጫ ብቻ አለን፦ ጓዳ፣ በር፣ ሰው፣ ግድግዳ። «ወደ ሰው» ማለት ወደ ተመልካቹ ነው። «ወደ ግድግዳ» ወደ ኋላ። መሃሉ ረከቦት ነው፤ ከቡናው ሁሉም ርቀት ይለካል። በአጭሩ ጓ፣ በ፣ ሰ፣ ግ፣ ረ ብለን እንጽፋለን። «ሰጓ» ማለት በጓዳ በኩል፣ ወደ ሰው የቀረበው ጥግ ነው። መጀመሪያ መሃልን «መ» ብዬው ነበር፤ ከመስኮት፣ ከመግቢያና ከማርታ ጋር እየተምታታ አስቸገረ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የገጸ ባሕሪያቱንና የቦታዎቹን የመጀመሪያ ፊደል ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩ። እኔ ጋ ጓዳ፣ ግድግዳና ጋሽ ታፈሰ ሦስቱም ከ«ገ» ቤት ናቸው፤ በችኮላ በእርሳስ ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ። ጋሽ ታፈሰን «ታ» አልነው።

ጠመኔው በእግር እየጠፋ ነው። ፕላስተር ገዛን፣ 85 ብር። የአዳራሹ ጥበቃ ሲላጥ ቀለሙን ያነሳል ብሎ ከመድረኩ ላይ ከለከለን። ወለሉ ላይ ብቻ ፈቀደ።

ሳምንት 3፣ እሑድ

ዛሬ ያወቅሁት ነገር ከዚህ ሁሉ ሥራ የበለጠውን ሰዓት በልቷል።

ገጽ 9። ጋሽ ታፈሰ ሲጨቃጨቁ ሰምቶ ሊወጣ ነው። እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «(ጋሽ ታፈሰ ሲኒውን ያስቀምጣሉ። ይነሳሉ።)» ጥናቱ ላይ ምን ሆነ? ሁሉም ተነሱ። አራቱም! አስካለ ጀበናዋን ይዛ ቆመች። ለምን ተነሳችሁ ስል ስክሪፕቱን አሳዩኝ። «ይነሳሉ ይላላ!»

እውነታቸውን ነው። በአማርኛ የአክብሮቱ «ይነሳሉ» እና የብዙ ሰው «ይነሳሉ» አንድ ቃል ነው። ተራ ንግግር ውስጥ ማን እንደሆነ ከዐውዱ ይገባል። የመድረክ መግለጫ ግን አጭር ነው፣ አራት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ አለ፣ ተዋናዩ የሚያየውም ግሱን ብቻ ነው። ስክሪፕቱን ዳግም ፈተሽኩ። «ይገባሉ»፣ «ይቀመጣሉ»፣ «ያያሉ» የሚሉ 23 ቦታዎች አገኘሁ። ከእነዚህ 7ቱን እኔው ጸሐፊው ማንን እንዳልኩ ለማስታወስ ማሰብ ነበረብኝ።

ደንብ አወጣሁ። በቅንፍ ውስጥ አንቱታ የለም። ጋሽ ታፈሰ ይነሳል፣ ይገባል፣ ይጠጣል። አንቱታው በቃለ ተውኔቱ ውስጥ ይቆያል፤ ማርታ «ጋሽ ታፈሰ፣ ይቀመጡ» ትለዋለች። «ሉ» በቅንፍ ውስጥ ከመጣ የግድ ከአንድ ሰው በላይ ነው፣ ያውም ስማቸው ተጠርቶ፦ «ዮናስና ማርታ ይነሳሉ»። ጋሼ ደንቡን ሲሰሙ ትንሽ ቅር አላቸው። «ዕድሜ ልኬን አስተምሬ አንተ ልባል?» አሉ፣ እየሳቁ ግን ከልባቸውም ጭምር። ለስሙ ሲባል ቅንፉን ስናነብላቸው በአንቱታ እናነባለን። ወረቀቱ ላይ ግን አንተ ናቸው።

የሴቷ ግስ ይህ ጣጣ የለበትም። «ትነሳለች» ስል አስካለ ወይም ማርታ ናት። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ግን ያው ስም መጥራት ነው። በአጭሩ፦ በእኔ ስክሪፕት ከእንግዲህ ስም የሌለው ግስ በቅንፍ ውስጥ አይገባም። ዐረፍተ ነገሩ ይደርቃል። ይድረቅ።

ሳምንት 4፣ ረቡዕ

ሁለት ደብተር መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። እስካሁን የምሳሳተው ሁለት ሥራ አንድ ገጽ ላይ ስለምጽፍ ነው።

ስክሪፕቱ ውስጥ የሚቀረው የተውኔቱ ነው። ሌላ ቡድን፣ በሌላ አዳራሽ፣ በሌላ አዘጋጅ ቢሠራው እንኳ መደረግ ያለበት። «ወረቀቱን ረከቦቱ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል» እዚያ ይቀራል። «ሁለት እርምጃ ወደ በር» ግን የእኛ ብቻ ነው፤ የዚህ መድረክ ልክ ነው፣ የዚህ ልጅ የእግር ርዝመት ነው። እሱ ወደ ዋናው ቅጂ ይሄዳል።

ዋናው ቅጂ የምንለው በክላሰር የታሰረ አንድ ስክሪፕት ነው። በቀኝ ገጽ ጽሑፉ፣ በግራ ገጽ ባዶ ወረቀት። የመድረክ አስተባባሪያችን በእርሳስ ትይዘዋለች። ቃሉ ላይ ትንሽ ቁጥር ታደርጋለች፣ በግራው ገጽ ላይ በዚያው ቁጥር ትርጉሙን። በእርሳስ ነው፤ በእስክሪብቶ የጻፈችው የመጀመሪያ ሳምንት ገጽ የጦር ሜዳ መስሏል። ክላሰር 150፣ እርሳስና ላጲስ 40 ብር።

አንድ ሌላ ስሕተት። ስክሪፕቱን አሳጥሬ ሳትመው ገጽ ቁጥሩ ተቀየረ። አንዱ አሮጌውን፣ አንዱ አዲሱን ይዞ «ገጽ 9» ስል ግማሾቹ ሌላ ቦታ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር አይለወጥም። የተጨመረ ገጽ 9ሀ ይባላል፣ የተሰረዘ ገጽ ባዶውን ይቀመጣል። የተለወጠውን ገጽ ብቻ ነው የማባዛው፣ ቀኑን ጥጉ ላይ ጽፌ።

ስለ ፎንትም ትንሽ። ቅንፉን አዘንብዬ ለመለየት ሞክሬ ነበር። የግዕዝ ፊደል ሲያዘነብል ያስጠላል፣ በስልክ ሲከፈት ደግሞ ጭራሽ አይለይም። ቅንፍን ለብቻው በራሱ መስመር፣ ገባ አድርጎ መጻፍ ይበቃል።

ሳምንት 4፣ ቅዳሜ

የግስ ጉዳይ አላለቀም።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ ቅንፍ ውስጥም፣ ቃለ ተውኔት ውስጥም ጣጣ አለው። መጀመሪያ ቅንፉን ላንሳ። እንዲህ የሚል ነበረኝ፦ «ዮናስ ከወንበሩ ተነስቶ በረከቦቱ ኋላ ዞሮ መስኮቱ ጋ ደርሶ ውጭውን እያየ ይቆማል።» ለንባብ ደህና ነው። ለእንቅስቃሴ ግን ከንቱ። ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ደርሶ... የትኛው በየትኛው ቃል ላይ ነው? ልጁ እናቱ ስትናገር ያለማቋረጥ ይጓዛል፤ ማንም እሷን አያያትም። አሁን ስክሪፕቱ «ዮናስ ይነሳል» ብቻ ይላል። ዋናው ቅጂ ላይ ደግሞ ሦስት ቁጥር አለ፦

① ዮ ይነሳል፣ ባለበት።
② ዮ → መስኮት፣ በረከቦቱ ግድግዳ በኩል።
③ ዮ ይዞራል፣ ፊቱ ወደ አስ።

አሁን ቃለ ተውኔቱ። ገጽ 14 ላይ አስካለ እንዲህ ትላለች፦ «ይኼን ቤት፣ አባትህ ጭቃውን በእግሩ ረግጦ ያቆመውን ቤት፣ ላንተ ስል... አልሸጥም።» የመጨረሻው ቃል እስኪወጣ ድረስ ትሸጥ አትሸጥ አይታወቅም። እንዲያውም «ላንተ ስል» ሲባል «እሸጠዋለሁ» ልትል ይመስላል። ተውኔቱ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። ልጁ ግን «ቤት» የሚለው ላይ ብድግ ይላል። ስክሪፕቱን ስለሚያውቀው። በሰውነቱ መልሱን ቀድሞ ለተመልካቹ ነገረው።

መጀመሪያ «ቆይተህ ተነሳ» አልኩት። አልሠራም፤ «ቆይተህ» ስንት ነው? ከዚያ «ላንተ ስል» ላይ ወደ እሷ እንዲጠጋ አደረግን። ተስፋ እንዲያደርግ። ①ን እዚያ አስቀመጥን፦ ዮ በወንበሩ ላይ ወደ ፊት ይጠጋል። «አልሸጥም» ሲባል ምንም አያደርግም። አስካለ ሲኒ ትቀዳለች። ሲኒው ሞልቶ ጀበናው ሲቀመጥ፣ ያኔ ② ዮ ይነሳል። መነሻውን በቃል ሳይሆን በጀበናው መቀመጥ ላይ ስላሰርነው በየጊዜው አንድ ዓይነት ይመጣል። አራት ጊዜ ደጋገምን፣ አራቱም ጊዜ ሠራ።

ይህን ካየሁ በኋላ ስክሪፕቱ ውስጥ የነበሩትን «(ዝምታ)» የሚሉ ቅንፎች አብዛኞቹን ሰረዝኩ። ዝምታ ሳይሆን መቅዳት፣ ማማሰል፣ ሲኒ ማጠብ ጻፍኩ። ተዋናይ ዝም በል ሲባል ይጨነቃል። ሲኒ እጠብ ሲባል በደንብ ዝም ይላል።

ሳምንት 4፣ እሑድ

ቡናው ራሱ።

ስክሪፕቱ በነጻነት «አስካለ ቡና ትቆላለች» ይላል። በምናቤ ደስ ይላል። ዛሬ በእውነት አስቆላኋት፤ ከአዳራሹ ውጭ፣ ሰዓት ይዤ። 9 ደቂቃ። ሙሉ ተውኔቱ 30 ደቂቃ ነው። ለማፍላት ሌላ ሩብ ሰዓት ያስፈልጋል። ደግሞም ጥበቃው ከሰል በአዳራሹ ውስጥ በፍጹም አለ፣ ልክም ነው። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ራስ ከማዞር አልፎ ይገድላል።

ስለዚህ ተውኔቱ ቡናው ተቆልቶ ካለቀ በኋላ ይጀምራል። ቡናውን ተመልካች ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ቆልተን ምጣዱን ይዘን አዳራሹን እንዞርበታለን፤ ሽታው ይቆያል። ምድጃው ውስጥ አመድና አንድ በባትሪ የሚሠራ ቀይ አምፖል አለ፤ ከሩቅ ፍም ይመስላል። ጀበናው ውስጥ ከቴርሞስ የተቀዳ ትኩስ ቡና። ሲቀዳ ይተናል። በቃ።

መውቀጫውን ግን አልሰጥም አልኩ። ድምፁን እወደዋለሁ። ችግሩ ዘነዘናው ሲወርድ ቃል አይሰማም፤ አስካለ እየወቀጠች የተናገረችውን ሦስተኛ ረድፍ የተቀመጠችው አስተባባሪያችን አንድም ቃል አልሰማችም። ታዲያ ምቶቹን ጻፍኳቸው። በቅንፍ «(ሁለት ምት)» እያልኩ፣ በዐረፍተ ነገር መካከል ሳይሆን መጨረሻ ላይ። ዮናስ ይጠይቃል፣ ሁለት ምት፣ ከዚያ መልስ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጠይቃል፣ ዘነዘናው አየር ላይ ይቆማል፣ አይወርድም። ለዚህ የተሻለ «(በድንጋጤ)» የለኝም።

ሳምንት 5፣ ረቡዕ

መጀመሪያ ጊዜ እውነተኛው መድረክ ላይ ወጣን። መድረኩ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። አዳራሹ ሜዳ ነው፣ ወንበሩ ፕላስቲክ። አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊት ለፊቴ ሁለት ልጆች አስቀምጬ። አስካለ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ናት። ከእሷ የሚታየኝ ከአገጭ በላይ ነው። ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ ውሉ፣ ሲኒው፣ ያ ሁሉ በእጅ የጻፍኩት ታሪክ ከሰው ጭንቅላት ሥር ነው! በሦስተኛ ሳምንት የጠረግሁትን ላብ ሁሉ አስታወስኩ።

ሦስት ነገር አደረግን። ወንበሮቹን አንዱ ረድፍ ከሌላው እንዲዛነፍ አደረግን፤ በሁለት ጭንቅላት መካከል ይታያል። ከአንድ ግንባታ ቦታ ሁለት ፓሌት ተዋስን፣ ላዩ ላይ ኮምፔንሳቶ ቸነከርን፤ ቡናው ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። ኮምፔንሳቶው 1,900 ብር፣ ከሁሉም ውዱ ወጪ። ሦስተኛው ነጻ ነው፦ ወሳኝ ዕቃ ሁሉ አንድ ጊዜ ከደረት በላይ ይነሳ። ዮናስ ውሉን ከማስቀመጡ በፊት ገልጦ ወደ ብርሃኑ ይይዘዋል። ስክሪፕቱ ውስጥ «ይዘረጋል» የሚለውን ወደ «ከፍ አድርጎ ይገልጠዋል» ቀየርኩት።

ክቡም ችግር ነው። በቡና ዙሪያ ሰው ክብ ሠርቶ ነው የሚቀመጠው፤ መድረክ ላይ ግን አንዱ ጀርባውን ለሕዝብ ይሰጣል። ወደ ሰው ያለውን በኩል ከፍተን ፈረስ ኮቴ አደረግነው። ማርታ ብቻ ጀርባዋ ይታያል፣ እስከ ገጽ 8 ድረስ። እሷ እስከዚያ የምትደብቀው ነገር ስላለ ተውኩት።

ሲኒ ማደሉ ሌላ ራስ ምታት። አራት ሰው፣ ሦስት ዙር። የመጀመሪያ ስሌቴ ማርታ 12 ጊዜ እየተነሳች ታድላለች። ያ ሁሉ ጊዜ የሚናገረውን ሰው ታቋርጠዋለች። በየዙሩ አንድ ሲኒ ብቻ እንድታደርስ አደረግን፣ ለታላቁ ለጋሽ ታፈሰ። የቀረው ከአስካለ እጅ በቅብብል።

ሳምንት 5፣ ቅዳሜ

የጋሽ ታፈሰ መግቢያ፣ ገጽ 4። ስክሪፕቱ «ጋሽ ታፈሰ ይገባል» ነበር የሚለው። ሦስት ቃል። ሰዓት ያዝን፤ 48 ሰከንድ ፈጀ። ለምን? ትልቅ ሰው ሲገባ እኛ ቤት ምን ይደረጋል? ማርታ «ኖር!» ብላ ብድግ አለች። ዮናስ ተነሳ። «በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ጋሼ። መሳሳም፣ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ወንበር ማቀበል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ያደጉበት ነው። ቅንፉ ባዶ ሲሆን ተዋናይ በልማዱ ይሞላዋል።

ማሳጠር ፈልጌ «ሁላችሁም ተቀመጡ» አልኩ። ባለጌ ቤት መሰለ፤ ጋሼ ራሳቸው ደስ አላላቸውም። ከዚያ እያንዳንዱን ለየሁ። አስካለ ጀበና ይዛለች፣ መነሳት አትችልም፣ ከወገቧ ከፍ ትላለች። ማርታ ትነሳለች፣ በርጩማዋን ትለቃለች። ዮናስስ? ዮናስ በዚህ ሰዓት ውሉን ደብቋል፤ ጋሽ ታፈሰ ቤቱ እንዳይሸጥ የሚሟገት ሰው መሆኑን ያውቃል።

(ጋሽ ታፈሰ ይገባል። ማርታ ትነሳለች። ዮናስ አይነሳም።)

አነበብኩላቸው። ልጁ «ኧረ አልችልም» አለ። «ለጋሼ ሳልነሳ?» ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስቱንም ጊዜ ጉልበቱ ራሱ ተነሳ። በመጨረሻ ሥራ ሰጠነው፦ ማርታ «ኖር» ስትል እሱ ሲኒ አፉ ላይ ነው፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ አያወርደውም። ሠራ። ገጽ 4 እና 5 ላይ ዮናስ ለቤቱ ያለውን ንቀት የሚያስረዱ ስድስት መስመር ንግግር ነበረኝ። ሰረዝኳቸው፤ ሁለት ቃል ተካቸው። 48ቱ ሰከንድም 17 ሆነ።

ሳምንት 6

የዕቃ ዝርዝር ሠራን። በቀላሉ፦ እያንዳንዱ ዕቃ በየገጹ የት ነው? ውሉ ገጽ 11 ላይ ረከቦቱ ላይ ነው፤ ገጽ 12 ላይ ዮናስ እንደገና ከኪሱ ያወጣዋል። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ስድስት ሳምንት ማንም አላየውም። አስተባባሪያችን በአንድ ማታ ያዘችው። በአንድ ትዕይንት ሦስት የውል ቅጂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሁሌ ይረጥባል፣ ይቀደዳል።

ሙሉ ጥናት፦ 31 ደቂቃ። ስክሪፕቱ ውስጥ የቀረው ቅንፍ 68።

ሳምንት 7፣ ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ በእኛ አዳራሽ ደህና ሄደ። እሑድ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። እዚያ ስንደርስ መግቢያው በተቃራኒው በኩል ብቻ ነው፤ በእኛ በር በኩል ግድግዳ። ልቤ ቀጥ አለች። ጋሼ «ጓዳው ወዲህ፣ በሩ ወዲያ፣ አለቀ» አሉ። እውነትም አለቀ። ማስታወሻው ሁሉ ጓዳና በር ስለሚል ተዋንያኑ ቤቱን እንደ ጓንት ገለበጡት፤ አንድ ጊዜ በፍጥነት ሄድንበት፣ ማንም አልተጋጨም። መብራት የሚይዘው ልጅ ግን በራሱ ወረቀት ላይ «ግራ 2» «ቀኝ 1» ብሎ ነበር የጻፈው። የእሱን መተርጎም ረሳሁ። ተውኔቱ ሲጀመር ብርሃኑ ባዶ ግድግዳ ላይ በራ፣ አስካለ ደግሞ በጨለማ ሲኒ ትደረድራለች።

ገጽ 4። ጋሽ ታፈሰ ገባ፣ ማርታ ተነሳች፣ ዮናስ ሲኒውን አፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተነስ እንጂ!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ደነገጠና ግማሽ ተነስቶ እንደገና ተቀመጠ።

ከትዕይንቱ በኋላ አስተባባሪያችን ዋናውን ቅጂ ይዛ መጣች። በገጽ 4 ግራ በኩል «ዮ ግማሽ ይነሳል፣ ይቀመጣል» ብላ ጽፋለች፣ በጥያቄ ምልክት። ልጁ ይቅር ይላል፣ አፍሯል። ጋሼ አይቅር፣ ያኔ ነው ሰው የመሰለው አሉ። ለጊዜው በእርሳስ አለ። ሦስተኛው ትዕይንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።